ሌሊት የተዋጠው ኪኒን ጠዋት የት ይደርሳል?

በ2013 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ዞልፒዴም የተባለውን የእንቅልፍ ኪኒን ለሚያመርቱ ኩባንያዎች ያልተለመደ ትእዛዝ ሰጠ፤ ለሴቶች የሚመከረው መጠን በግማሽ ይቀነስ የሚል። 10 ሚሊግራም የነበረው ወደ 5 ወረደ። ቀስ እያለ የሚለቀቀው ዓይነት ደግሞ ከ12.5 ወደ 6.25 ሚሊግራም ዝቅ አለ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) መድኃኒቱ በዚያ አገር ከተፈቀደ ሃያ ዓመት ሞልቶታል። በእነዚያ ሃያ ዓመታት ወንዱም ሴቷም እኩል መጠን ሲውጡ ኖረዋል። በኪኒኑ ውስጥ አዲስ መርዝ ተገኝቶ አይደለም። ማታ የተዋጠው መድኃኒት፣ ሰው ጠዋት ተነሥቶ መኪናውን ሲያስነሳ፣ ገና ከደሙ እንዳልወጣ ስለታወቀ ነው።

የሚያስገርመው፣ ዞልፒዴም ገበያ ውስጥ ሲገባ ትልቁ መመስገኛው ቶሎ ከሰውነት መውጣቱ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት የእንቅልፍ መድኃኒቶች ቤንዞዲያዜፒን የሚባለው ቤተሰብ አባላት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ሊብሪየም፣ በ1960 ለሽያጭ ቀረበ፤ ያገኘው በሆፍማን ላ ሮሽ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ሊዮ ስተርንባክ ነው። በ1963 ዲያዜፓም ተከተለ፤ ብዙ ሰው ቫሊየም በሚለው የንግድ ስሙ ያውቀዋል። ከእነርሱ በፊት የነበሩት ባርቢቹሬቶች ትንሽ ሲበዙ ትንፋሽ አቋርጠው የሚገድሉ ስለነበሩ፣ አዲሶቹ እንደ እፎይታ ተቆጠሩ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሁለት ቅሬታዎች ተደጋገሙ፤ አንደኛው ሰው ከለመዳቸው በኋላ መተው ያቅተዋል፣ ሁለተኛው ጠዋት ሰው ደንዝዞ ይነሣል የሚሉ።

ዞፒክሎን፣ ዞልፒዴም፣ ዛሌፕሎንና ኤስዞፒክሎን ለዚህ ቅሬታ መልስ ይሆናሉ ተብለው የመጡ ናቸው። በስማቸው ውስጥ ባለው ፊደል የተነሣ በጥቅሉ «ዜድ መድኃኒቶች» ይባላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በ1980ዎቹ መጨረሻ ገደማ አውሮፓ ውስጥ ወጡ። አሜሪካ ዞልፒዴምን በ1992 መጨረሻ፣ ዛሌፕሎንን በ1999፣ ኤስዞፒክሎንን በ2004 ፈቀደች። አገር ቤት ያለ አንባቢ በይበልጥ የሚያውቀው ዲያዜፓምን ነው። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ያለው ወገኑ ግን ሐኪም ዘንድ ሄዶ እንቅልፍ አጣሁ ቢል አምቢየን በሚል ስም ዞልፒዴም ሊታዘዝለት ይችላል። አውሮፓና እስራኤል ያለው ደግሞ ያንኑ መድኃኒት ስቲልኖክስ ብሎ ያውቀዋል።

ሁለቱ ቤተሰቦች በኬሚካል አሠራራቸው አይመሳሰሉም፤ አንጎል ውስጥ የሚያርፉበት ቦታ ግን አንድ ነው። አንጎላችን ራሱን የሚያረጋጋበት ጋባ የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ጋባ የነርቭ ሕዋስ ላይ ካለው መቀበያው ጋር ሲገናኝ ያ ሕዋስ ለጊዜው ጸጥ ይላል። ቤንዞዲያዜፒንም ሆነ ዜድ መድኃኒት ከዚሁ መቀበያ ጎን ባለች አንዲት ስፍራ ገብተው የጋባን ሥራ ያበረቱታል። ፍሉማዜኒል የሚባለው ማርከሻ የሁለቱንም ውጤት መመለስ መቻሉ የቦታውን አንድነት ያሳያል። ሁለቱም ወገን ይለመዳል፤ ዲያዜፓምና ዞልፒዴም በዓለም አቀፉ የሥነ አእምሮ መድኃኒቶች ስምምነት ውስጥ የተመዘገቡት በአንድ ሰንጠረዥ ነው።

ልዩነቱ ያለው በመምረጥ ላይ ነው። የጋባ መቀበያ አንድ ወጥ አይደለም፤ ብዙ ዓይነት አለው። አልፋ አንድ የሚባለውን ክፍል የያዘው ዓይነት በይበልጥ ከማስተኛትና ትዝታን ከመሰወር ጋር የተያያዘ ነው። አልፋ ሁለትና አልፋ ሦስት የያዙት ደግሞ ጭንቀትን ከማርገብና ጡንቻን ከማላላት ጋር። ዲያዜፓም ሁሉንም ይነካል። ለዚህ ነው ለጭንቀትም፣ ለጡንቻ መኮማተርም፣ ለሚጥል በሽታም የሚታዘዘው። ዞልፒዴም ግን አልፋ አንድን ይመርጣል። አምራቾቹ ይህን እንደ ጥራት አቀረቡት፤ ሌላውን ሳይነካ እንቅልፍን ብቻ የሚሰጥ መድኃኒት ብለው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ የተመረጠው ያ ክፍል ማስተኛቱ ብቻ ተነግሮለት ትዝታን መሰወሩ ብዙ አለመነሣቱ ነው። ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንሂድ። አንድ መድኃኒት በደም ውስጥ ያለው መጠን በግማሽ ለመውረድ የሚፈጅበት ጊዜ ግማሽ ዕድሜ ይባላል። የዞልፒዴም ግማሽ ዕድሜ በአማካይ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። የዛሌፕሎን አንድ ሰዓት ገደማ፣ የዞፒክሎን አምስት፣ የኤስዞፒክሎን ስድስት ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ያነበበ ሰው፣ ማታ ዞልፒዴም ወስዶ ስምንት ሰዓት ከተኛ ጠዋት ነፃ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ብዙ ሐኪሞችም እንደዚያ ነበር የሚያስቡት።

ዋሽንግተን ዳርቻ የሚኖሩ አንድ ባልና ሚስት እናስብ። ሁለቱም ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ 10 ሚሊግራም ዞልፒዴም ዋጡ። መድኃኒቱ ደም ውስጥ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በኋላ ነው፤ ስለዚህ 7 ሰዓት ተኩል ላይ። የባልየው አካል አማካይ ነው እንበል። በዚያ ሰዓት በእያንዳንዷ ሚሊ ሊትር ደሙ ውስጥ 120 ናኖግራም ገደማ ይገኛል። በ10 ሰዓት ወደ 60 ይወርዳል፣ ንጋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ 30 ይሆናል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መኪናው ውስጥ ሲገባ 20 ገደማ ቀርቶታል። እስከዚህ ድረስ ማስታወቂያው ያለው ልክ ነው።

ሚስትየው ጋ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። የሴቶች ሰውነት ዞልፒዴምን የሚያስወግደው ከወንዶች ቀስ ብሎ ነው፤ እኩል መጠን ሲወስዱ በሴቶች ደም ውስጥ የሚገኘው በአማካይ 45 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ግማሽ ዕድሜውም ከሰው ሰው ይለያያል፤ አንዳንዱ ሰው ላይ ወደ አራት ሰዓት ይጠጋል። እርሷ ከእነዚህ አንዷ ናት እንበል። 7 ሰዓት ተኩል ላይ ጣሪያዋ 170 ነው። 11 ሰዓት ከ20 ላይ ገና 85 አላት። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ስምንት ሰዓት ሙሉ አልፎ፣ ከ50 ትንሽ ከፍ ይላል። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት መንዳትን ለአደጋ እስከሚያደርስ ሊያዳክም ይችላል ብሎ ያስቀመጠው መስመር 50 ነው።

ይህ የእኔ ስሌት ነው፤ የእውነተኛ ሰዎች የምርመራ ውጤት ግን ከዚያ አይርቅም። 10 ሚሊግራም ከወሰዱ ሰዎች ውስጥ ከስምንት ሰዓት በኋላ ከ50 በላይ ሆነው የተገኙት ከሴቶቹ 15 በመቶ፣ ከወንዶቹ 3 በመቶ ናቸው። ቀስ እያለ የሚለቀቀውን 12.5 ሚሊግራም ከወሰዱት ደግሞ ከሴቶቹ 33 በመቶ፣ ከወንዶቹ 25 በመቶ። የመጨረሻው ቁጥር «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው» ብሎ ገጹን ለሚገለብጠው ወንድ አንባቢ ነው።

እንዲያውም ልዩነቱ ከ2013 በፊትም አልተደበቀም ነበር። በ2011 ይኸው መሥሪያ ቤት እኩለ ሌሊት ላይ ነቅቶ እንቅልፍ እምቢ ላለው ሰው ምላስ ሥር የሚቀመጥ ትንሽ የዞልፒዴም ኪኒን ሲፈቅድ ለወንድ 3.5፣ ለሴት 1.75 ሚሊግራም ብሎ ለያይቶ ነበር። ያውም ከመነሣቱ በፊት ቢያንስ አራት ሰዓት የቀረው ሰው ብቻ እንዲወስደው። ትልቁ ኪኒን እስኪስተካከል ግን ከዚያም በኋላ ከዓመት በላይ ፈጀ።

ከላይ ባለው ስሌት አንድ ነገር ብቻ ብንለውጥ ባልየውም ከአደጋው አያመልጥም። 6 ሰዓት ላይ ሳይሆን፣ ሲገላበጥ አድሮ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተስፋ ቆርጦ ቢውጥስ? ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አራት ሰዓት ብቻ ሆኖታል፤ ደሙ ውስጥ 60 ገደማ አለ። ሆስፒታል ወይም አየር ማረፊያ የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ ቀን አራትና አምስት ሰዓት ተኝቶ ወደ ሁለተኛ ሥራው የሚነዳ ወገን ስንቱ ነው? ለእንዲህ ያለ ሰው ጥያቄው ኪኒኑን ስንት ሰዓት ዋጠው ብቻ አይደለም፤ ከዋጠው በኋላ አልጋ ላይ ስንት ሰዓት አለው ነው። የመድኃኒቱ መመሪያ ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት ይላል። ከምግብ በላይ መውሰዱም ነገሩን ያበላሻል፤ መድኃኒቱ ዘግይቶ ይገባል፣ ሰውየው «አልሠራልኝም» ብሎ ሁለተኛ ኪኒን ይጨምራል፣ ሁለቱም ጠዋት አብረውት ይነሣሉ።

ጠዋት የሚቀረው ድንዛዜ በምን ይታወቃል? አስቸጋሪው እዚህ ጋ ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ላያውቀው ይችላል። ሆላንድ ውስጥ ተመራማሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት የታወቀ ፈተና አለ። ተፈታኙ ማታ መድኃኒቱን ወስዶ ያድራል፤ ጠዋት እውነተኛ አውራ ጎዳና ላይ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በእኩል ፍጥነት ይነዳል። ጎኑ የራሱ ፍሬን ያለው አስተማሪ ይቀመጣል። መኪናው ላይ የተገጠመ ካሜራ ከመንገዱ መስመር ያለውን ርቀት እያከታተለ ይለካል። የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፤ መኪናው ግራና ቀኝ ምን ያህል ይዋልላል? መዋለሉ በ2.4 ሴንቲ ሜትር ከጨመረ፣ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ለአሽከርካሪ ከከለከሉት የአልኮል መጠን፣ ማለትም በሊትር ደም ግማሽ ግራም ከጠጣ ሰው ጋር እኩል ይቆጠራል። ማታ 7.5 ሚሊግራም ዞፒክሎን የወሰዱ ሰዎች በማግስቱ ጠዋት ይህን መስመር ያልፋሉ። ይህም በተደጋጋሚ ስለታየ፣ አዲስ የእንቅልፍ መድኃኒት ሲፈተን ዞፒክሎን የመጥፎ ውጤት ማወዳደሪያ ሆኖ ጎን ለጎን ይሰጣል።

ኤስዞፒክሎን ላይ የተደረገው ጥናት ሁለተኛውን ክፉ ዜና ጨመረ። ከ25 እስከ 40 ዓመት ባሉ 91 ጤነኛ ሰዎች ላይ 3 ሚሊግራሙ መንዳትን፣ ትዝታንና የእጅና የዐይን ቅንጅትን እስከ 11 ሰዓት ድረስ አዳክሞ ተገኘ። ሰዎቹ ግን ብዙውን ጊዜ አልታወቃቸውም ነበር። በ2014 የመነሻው መጠን ወደ 1 ሚሊግራም የወረደው በዚህ የተነሣ ነው። «እኔ ደህና ነኝ፣ ነቅቻለሁ» የሚለው የሰውየው ምስክርነት እንግዲህ ብዙ አያስተማምንም። ከእርሱ ይልቅ አብሮት የሚኖር ሰው የሚያየው ይሻላል፤ ቁርስ ላይ የተጠየቀውን ደግሞ መጠየቁ፣ የያዘውን ብርጭቆ መጣሉ፣ መኪናው ላይ የማይታወቅ አዲስ ጭረት መኖሩ።

ታዲያ ቤንዞዲያዜፒኖቹ ከዚህ ይሻላሉ ወይ? አይሻሉም፤ አብዛኞቹ እንዲያውም ይብሳሉ። ዲያዜፓም ግማሽ ዕድሜው ሁለት ቀን ገደማ ሊደርስ ይችላል፤ ጉበት ውስጥ ተለውጦ የሚወጣው ተረፉም ራሱ የሚያደነዝዝና ከዚያም በላይ የሚቆይ ነው። በየማታው አንድ ኪኒን የሚወስድ ሰው የትናንቱ ሰባ በመቶ ገደማ ሳይወጣ የዛሬውን ይጨምርበታል፤ ከታች በጠብታ እየፈሰሰ ከላይ በባልዲ እንደሚሞላ እንስራ ነው። በአሥር ቀን ገደማ ውስጥ ሰውነቱ ውስጥ የሚጠራቀመው በግምት ከአንድ ኪኒን ሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ለዚህ ነው የአንድ ሌሊት ዲያዜፓም ያልጎዳቸው እናት በሦስተኛው ሳምንት ሲራመዱ የሚደናቀፉት፣ ቤተሰቡም «እርጅና ነው» የሚለው። የአሜሪካ የአረጋውያን ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሁለቱንም ቤተሰብ እንዲያስወግዱ የሚመክረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አንድ የተሰበረ ዳሌ ካጡት እንቅልፍ በላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ሁሉም ቤንዞዲያዜፒን ግን እንደ ዲያዜፓም ረጅም አይደለም። ቴማዜፓም መካከለኛ ነው፤ ትሪያዞላም ደግሞ እንደ ዞልፒዴም አጭር ነው። የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና መመሪያ ተቋም በ2004 ሁለቱን ወገኖች ሲያወዳድር፣ በዜድ መድኃኒቶችና በአጭሮቹ ቤንዞዲያዜፒኖች መካከል ለመምረጥ የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘም። ስለዚህ ርካሹ ይታዘዝ አለ፤ አንዱ አልሠራም ተብሎ ወደ ሌላው መዛወርንም አልደገፈም። የጠዋቱን ድንዛዜ ብቻ ካየን ከቤተሰቡ ስም ይልቅ የኪኒኑ ርዝመት፣ የመጠኑ ልክና የዋጪው አካል ይወስናሉ።

ሰዓቱን ከሚያራዝሙት ነገሮች መካከል ብዙ ሰው የማይጠረጥራቸው አሉ። ዞልፒዴምን የሚያፈርሰው የጉበት ኢንዛይም በሌሎች መድኃኒቶች ሊታገድ ይችላል። ለፈንገስ የሚሰጠው ኬቶኮናዞል በደም ውስጥ ያለውን ዞልፒዴም ከፍ ያደርገዋል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚወሰደው ሪፋምፒሲን ደግሞ በተቃራኒው በፍጥነት ያጠፋዋል፤ ሰውየው ኪኒኑ አልሠራልኝም ብሎ መጠኑን ከጨመረ፣ ሪፋምፒሲኑን የጨረሰ ጊዜ ያ የጨመረው መጠን ይጠብቀዋል። የታመመ ጉበት ደግሞ ሁሉንም ያዘገያል።

አገር ቤት ካየነው በይበልጥ የሚያሳስበው ሌላ ቅይጥ ነው። ጫት ያነቃል፤ ከሰዓት በኋላ የቃመ ሰው ሌሊት ዐይኑ አይከደንም። ያን ለመስበር ጨብሲ ብሎ ቢራ ወይም አረቄ የሚጠጣ አለ፤ አንዳንዱ ደግሞ ከመጠጡ በላይ ዲያዜፓም ይጨምራል። አልኮልም ያንኑ የጋባ ሥርዓት የሚያበረታ ነው። የሁለቱ ድምር እንቅልፍን ብቻ አያከብድም፤ ትንፋሽንም ይጫናል። ለሕመም ተብሎ ትራማዶል ከተጨመረ ደግሞ ነገሩ ከድንዛዜ አልፎ የሞት ጉዳይ ይሆናል። ጫቱ ካለፈ በኋላ ዲያዜፓሙ ደሙ ውስጥ ይቀራል፤ በማግስቱ ሚኒባስ ወይም ባጃጅ የሚነዳው ግን ያው ሰው ነው።

እስካሁን ያየነው ነቅቶ የሚነዳን ሰው ነው። ሳይነቃ የሚነዳስ?

በ2006 ግንቦት ላይ፣ የሮድ አይላንድ ተወካይ የነበረው የምክር ቤት አባል ፓትሪክ ኬኔዲ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ መኪናውን ከአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ አጠገብ ካለ መከላከያ ጋር አጋጨ። ለፖሊሶቹ ድምፅ ለመስጠት እየተቻኮለ መሆኑን ነገራቸው፤ በዚያ ሰዓት ምንም ድምፅ አይሰጥም ነበር። በኋላ እንደተናገረው አምቢየንና ለማቅለሽለሽ የሚሰጥ ሌላ የሚያደነዝዝ መድኃኒት ወስዶ ነበር፤ የሆነውንም አያስታውስም። ሁለት መድኃኒቶች ስለተቀላቀሉ ንጹሕ ማስረጃ ነው አይባልም። ብዙ አሜሪካዊ በእንቅልፍ ልብ መኪና መንዳት የሚባለውን ነገር የሰማው ግን በዚያ ሰሞን ነው። በቀጣዩ ዓመት መሥሪያ ቤቱ በ13 የእንቅልፍ መድኃኒቶች ወረቀት ላይ ማስጠንቀቂያ አስጨመረ፤ ከ13ቱ ውስጥ ቤንዞዲያዜፒኖችም ነበሩ።

በ2019 ግን በጥቁር ሳጥን የሚከበበውን ከባዱን ማስጠንቀቂያ ለዞልፒዴም፣ ለዛሌፕሎንና ለኤስዞፒክሎን ብቻ ሰጠ። 26 ዓመት ውስጥ ከደረሱት ሪፖርቶች 66 ከባድ አደጋዎች ተለይተው ነበር፤ 20ዎቹ ሞት ናቸው። ሰዎች በእንቅልፍ ልባቸው ተነሥተው መኪና ነድተዋል፣ ከፎቅ ወድቀዋል፣ ምድጃ ለኩሰው ተቃጥለዋል፣ ውኃ ውስጥ ሰምጠዋል፣ ብርድ ላይ ወጥተው ደርቀዋል፣ በራሳቸው ላይ ጥይት ተኩሰዋል። አንዳንዶቹ መጠኑን አላበዙም፤ ዝቅተኛውን ነው የወሰዱት። አንዳንዶቹ ያን ኪኒን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የዋጡ ናቸው። መጠጥ ያልቀመሱም ነበሩባቸው። ኪኒኑን ከሚወስደው ሕዝብ ብዛት አንጻር 66 ትንሽ ቁጥር ነው፤ ነገር ግን ይህ ተመዝግቦ የደረሰው ብቻ ነው፤ ማቀዝቀዣ ከፍቶ በልቶ ተመልሶ የተኛውን ሰው ማን ሪፖርት ያደርጋል?

ያ የአልፋ አንድ ነገር የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው። በእንቅልፍ ልብ መሄድ የሚነሣው ከከባዱ እንቅልፍ ነው፤ የአንጎል አንዱ ክፍል ሲነቃ ሌላው ተኝቶ ይቀራል። እግርና እጅን የሚያዝዘው፣ የለመደውን መንገድ የሚያውቀው ክፍል ይሠራል፤ የሚያመዛዝነውና የሚመዘግበው ግን የለም። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ ዞልፒዴም በኃይል ስለሚያስተኛና አዲስ ትዝታ እንዳይቀረጽ ስለሚያግድ ይህ ግማሽ መንቃት በቀላሉ ይፈጠራል። ኪኒኑን ውጦ አልጋ ላይ ከመውጣት ይልቅ ስልኩን ይዞ የሚቀመጥ ሰው በተለይ ይጋለጣል፤ ነቅቻለሁ ብሎ የሚያስበው ሰዓት ጠዋት ከትዝታው ተሰርዞ ያገኘዋል።

ቤንዞዲያዜፒኖችም ትዝታ ይሰርቃሉ። በ1980ዎቹ ትሪያዞላምን አውሮፕላን ላይ ውጠው የተጓዙ ሰዎች፣ ከነርሱም የነርቭ ሳይንስ ተመራማሪዎች ነበሩ፣ ከወረዱ በኋላ ያደረጉትን ሁሉ ሳያስታውሱ ቀርተው «የመንገደኛ መርሳት» ተብሎ በሕክምና መጽሔት ተጽፏል። እንግሊዝ ትሪያዞላምን በ1991 አገደች። በእንቅልፍ ልብ ተነሥቶ መሄድና መንዳት ላይ ግን ጥቁሩ ሳጥን ያረፈው ዜድ መድኃኒቶች ላይ ነው። ቤንዞዲያዜፒኖች በ2020 የራሳቸውን ጥቁር ሳጥን ያገኙት በሌላ ምክንያት ነው፤ ስለ ሱሱ፣ ስለ መለመዱና በድንገት ሲተዉ ስለሚያስከትሉት ሕመም።

በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ሰው የሌሊቱን ነገር አይነግራችሁም፤ ቤቱ ነው የሚነግራችሁ። ጠዋት ያልተበላ እንጀራ ተቆርሶ ይገኛል፣ ድስት እሳት ላይ አድሯል፣ በሩ ተከፍቶ ነው፣ እግሩ ጭቃ ነክቶታል፣ ስልኩ ላይ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ለማይገባው ሰው የተላከ መልእክት አለ፣ የመኪናው ቦታ ተለውጧል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ አንድ ቀን ከታየ መመሪያው ግልጽ ነው፤ ያ መድኃኒት ይቁም፣ ከሦስቱ ሌላውም ለዚያ ሰው ዳግመኛ አይሰጥ። መጠን ቀንሶ መሞከር የለም። ለሁለተኛ ኪኒን መቀጠሪያ ሲባል ለሐኪሙ ሳይነገር መቅረቱም አደገኛ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ሰው ደግሞ ገና ኪኒኑ ሳይታዘዝለት ይህን አስቀድሞ ቢናገር ይሻላል።

የሚያገኘው ጥቅምስ ምን ያህል ነው? በ2012 የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ፣ 13 ሙከራዎችን ያጠቃለለ ጥናት እንዳሳየው፣ ዜድ መድኃኒት ከባዶ ማስመሰያ ኪኒን ይልቅ ሰውን የሚያስተኛው በአማካይ 22 ደቂቃ ቀድሞ ነው። ሰባት ሌሊት ተከታትሎ ላልተኛ ሰው 22 ደቂቃ ትንሽ አይደለም፤ ዓመት ሙሉ በየማታው ለመውጥ ግን ውድ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ከጥቂት ሳምንታት በላይ አይመክሩትም። የሥር ሕክምናው፣ ማለትም አልጋ ላይ የሚቆዩበትን ሰዓት ማጥበብ፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ላይ መነሣትና ነቅቶ መገላበጥን ከአልጋ መለየት፣ ጊዜ ይወስዳል፤ ጠዋት ላይ ግን ደም ውስጥ የሚቀር ነገር የለውም።

ለወራት የወሰደ ሰው ግን ይህን አንብቦ ዛሬ ማታ ኪኒኑን ቢጥል ስሕተት ይሠራል፤ በተለይ ቤንዞዲያዜፒን ከሆነ። ድንገት መተው እንቅልፍ ማጣቱን ከነበረው አብልጦ ይመልሰዋል፤ መንቀጥቀጥና ጭንቀት ያመጣል፤ ከባድ ሲሆን ደግሞ የሚጥል በሽታ ይመስል ያንዘፈዝፋል። የቅርብ ጊዜ የአሜሪካ መመሪያ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ እየቀነሱ መውረድን ይመክራል። 10 ሚሊግራም ዲያዜፓም ለሚወስድ ሰው ይህ መጀመሪያ ላይ ግማሽ ወይም አንድ ሚሊግራም መቀነስ ማለት ነው፤ ስለዚህ ኪኒኑን በምን እንደሚከፍሉት፣ ወይም ፈሳሹ ዓይነት ይገኝ እንደሆነ፣ ከፋርማሲ ባለሙያው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።